«አንድ ለሦስት» ስንት ነው? የጠጅ ጣፋጭነት፣ ምሬትና ኃይል ከጥንስስ ጥንስስ የሚለያይባቸው ምክንያቶች

አኅጽሮተ ጥናት

ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከገሾ የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። ግብዓቶቹ ጥቂት ቢሆኑም በአንድ ቤት፣ በአንድ ባለሙያ እጅ የተጣለ ጠጅ እንኳ ከአንዱ ጊዜ ወደ ሌላው በጣፋጭነት፣ በምሬትና በአልኮል ኃይል ይለያያል። ይህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምንጭ በሦስት ነጥቦች ይመረምራል። እነሱም የማርና የውኃው አለካክ፣ መብላላቱ የሚቆምበት ነጥብ እና የገሾው አጠቃቀም ናቸው። በሀዋሳ የተለመደውን የኪሎና የጀሪካን አለካክ መነሻ በማድረግ፣ «አንድ ለሦስት» በሚል አንድ ስም የተጠሩ ሦስት ጥንስሶች ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ በስሌት ይታያል። በመጨረሻም ጠጅ ጣዩ ልዩነቱን የሚለይባቸው ቀላል መንገዶች ይቀርባሉ።

1. መግቢያ

በጠጅ ቤት ደንበኛው ብርሌ ሲያዝ «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ደረቅ» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ቃላት በዋናነት የሚናገሩት ስለ ጣፋጭነት ነው፤ ስለ አልኮል መጠኑ የሚሰጡት ፍንጭ ግን እጅግ ደካማ ነው። ጣፋጭ ጠጅ ደካማ፣ መራራ ጠጅ ደግሞ ብርቱ ነው የሚለው ግምት በጠጪዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

የልዩነቱ ስፋት በጥናት ተረጋግጧል። ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ10 ጠጅ ጣይ ቤቶች የተሰበሰቡ 200 ናሙናዎችን መርምረዋል። የአልኮል መጠናቸው ከ2.7 እስከ 21.7 በመቶ፣ የፒኤች ልካቸውም ከ3.07 እስከ 4.90 ሆኖ ተገኝቷል። ከቢራ ያነሰ ኃይል ያለውና ከወይን ጠጅ የሚበልጥ ኃይል ያለው መጠጥ በአንድ ስም ይሸጣል ማለት ነው። የጥናቱ ርእስ ራሱ እንደሚያመለክተው ልዩነቱ በቤቶች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥም ይታያል። ስለዚህ የባለሙያዎች የሙያ ደረጃ መለያየት ብቻውን በቂ ማብራሪያ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱ በአሠራሩ ውስጥ መፈለግ አለበት።

2. የአሠራሩ ቅደም ተከተል

አሠራሩ ከቤት ቤት ቢለያይም ዋና ዋና እርምጃዎቹ የታወቁ ናቸው። በመጀመሪያ ማሩ በውኃ ተበጥብጦ ብርዝ ይሆናል። ብርዙ አስቀድሞ ታጥቦ በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን ወይም በርሜል ውስጥ ተከድኖ ለ2 ወይም ለ3 ቀናት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሰፈፉና ሌላው ባዕድ ነገር ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ይገፈፋል። ቀጥሎ ገሾው ከብርዙ በከፊል ተወስዶ አብሮ ይቀቀላል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ጋኑ ይመለሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ገሾው ይወጣል፣ ጠጁም እስኪበስል ይቆያል። በሞቃት ወቅት 5 ቀናት ያህል ሊበቁ ይችላሉ፤ በቀዝቃዛ ወቅት ግን ከ15 እስከ 20 ቀናት ይወስዳል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ለብቻው ተመርጦ የሚጨመር እርሾ የለም። ማሩ፣ ያልተቀቀለው የገሾ ክፍልና ቀደም ሲል ጠጅ የተጣለበት ዕቃ የየራሳቸውን እርሾና ባክቴሪያ ይዘው ይመጣሉ። ከነዚህ መካከል ዋነኛው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪዚየ የተባለው እርሾ ነው፤ ነገር ግን ሌሎች የእርሾ ዓይነቶችና ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችም አብረውት ይገኛሉ። የትኛው ቀድሞ ዕቃውን እንደሚቆጣጠር በእያንዳንዱ ጥንስስ ሊለያይ ይችላል። ይህ አንዱ የልዩነት ምንጭ ቢሆንም ከእርሱ የሚቀድምና ለመቆጣጠር የሚቀል ሌላ ምንጭ አለ፤ እርሱም ልኬት ነው።

3. «አንድ ለሦስት» የሚለው መስፈርት

ጠጅ ጣዮች የብርዙን መጠን ሲናገሩ ብዙውን ጊዜ «አንድ ለሦስት» ወይም «አንድ ለአራት» ይላሉ፤ አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውኃ ማለታቸው ነው። ነገር ግን ማርና ውኃ በአንድ መስፈሪያ አይለኩም። በሀዋሳ ገበያ ማር የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ ውኃ ግን የሚለካው በጆግ ወይም ባለ 20 ሊትር በሆነው ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን «አንድ ኪሎ ለሦስት ሊትር» እና «አንድ ጆግ ለሦስት ጆግ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ብርዞች ናቸው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር ውኃ የተመደበላቸውን ሦስት ጥንስሶች እንውሰድ። የሦስቱም ባለቤቶች «አንድ ለሦስት» ጣልን ይላሉ። በስሌቱ ውስጥ ደህና የተጣራ ማር 80 በመቶ ያህሉ ስኳር እንደሆነ ተወስዷል። በተጨማሪም በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኝ 17 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲብላላ 1 በመቶ ያህል አልኮል እንደሚሰጥ ታስቧል።

የመጀመሪያው ጥንስስ ማሩ በጆግ ተሰፍሮ 7 ሊትር የገባበት ነው። ይህ 9.8 ኪሎ ማር ነው፤ በውስጡም 7.84 ኪሎ ያህል ስኳር ይገኛል። ሁለተኛው ማሩ በሚዛን ተመዝኖ 7 ኪሎ የገባበት ሲሆን 5.6 ኪሎ ስኳር ይዟል። ሦስተኛውም 7 ኪሎ ነው፤ ነገር ግን ማሩ ከነሰፈፉ የተገዛ ነው። ሰፈፉ 1 ኪሎ ቢመዝን፣ የቀረው 6 ኪሎ ማርም ሳይበስል የተቆረጠና ውኃ የበዛበት በመሆኑ ስኳሩ 78 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ ወደ ብርዙ የሚገባው ስኳር 4.68 ኪሎ ይሆናል።

| ጥንስስ | የብርዙ መጠን (ሊትር) | ስኳር በሊትር (ግራም) | ሙሉ በሙሉ ቢብላላ የሚገኝ አልኮል (በመቶ) | አልኮሉ 10 በመቶ ላይ ቢቆም የሚቀር ስኳር በሊትር (ግራም) |
|---|---|---|---|---|
| አንደኛ (በጆግ) | 27 | 290 | 17.1 | 120 |
| ሁለተኛ (በኪሎ) | 25 | 224 | 13.2 | 54 |
| ሦስተኛ (ከነሰፈፉ) | 24.3 | 193 | 11.3 | 23 |

ከሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ አንድ ጠቃሚ ነገር መረዳት ይቻላል። ሦስቱም ጥንስሶች በተመሳሳይ ኃይል፣ በ10 በመቶ አልኮል ላይ ቢቆሙ እንኳ ጣዕማቸው ፈጽሞ አይገናኝም። የመጀመሪያው ከለስላሳ መጠጥ ያላነሰ ጣፋጭ ይሆናል፤ ሦስተኛው ወደ ደረቅነት የተጠጋ ነው። የመጀመሪያውን የሚጠጣ ሰው ማር የሚጠጣ መስሎት ኃይሉን ሊዘነጋ ይችላል። በሌላ በኩል እርሾው በርትቶ ሦስቱንም ቢጨርሳቸው ሦስቱም ደረቅ ይሆናሉ፤ የአልኮል መጠናቸው ግን ከ11 እስከ 17 በመቶ ይራራቃል።

በማር ፋንታ ስኳር የሚጨምሩ ቤቶች ስላሉ የዚህንም ውጤት ማየት ተገቢ ነው። ከሁለተኛው ጥንስስ 3 ኪሎ ማር ተቀንሶ በ3 ኪሎ ስኳር ቢተካ የብርዙ ስኳር በሊትር ወደ 250 ግራም ከፍ ይላል። አንድ ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ስኳር ሲሆን የአንድ ኪሎ ማር አንድ አምስተኛው ግን ውኃ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ስኳር የተቀላቀለበት ጠጅ የማሩ መዓዛ ይቀንሳል እንጂ ኃይሉ የግድ አይቀንስም።

4. መብላላቱ የት ይቆማል?

ጣፋጭነትና ኃይል ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። እርሾ የበላው ስኳር ወደ አልኮል ይለወጣል፤ ያልበላው ጣፋጭነት ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም የብርዙ ስኳር ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ እርሾው ምን ያህሉን በልቶ ይቆማል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ወሳኝ ነገር ጊዜ ነው። ጠጅ የሚሸጠው በአብዛኛው መብላላቱን ሳይጨርስ በመሆኑ በ8ኛው ቀንና በ20ኛው ቀን የተቀዳ ብርሌ ከአንድ ጋን ቢወጣም አንድ መጠጥ አይደለም። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከየካቲት እስከ መጋቢት ባለው ሞቃት ጊዜ እርሾ በፍጥነት ይሠራል። በደመናማው ክረምት ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ደግሞ ይዘገያል። በእነዚህ ሁለት ወቅቶች «ዐሥር ቀን» የሚለው ልማድ የተለያየ ውጤት ይሰጣል፤ በታኅሣሥ በዐሥረኛው ቀን ገና ጣፋጭ የሆነው ጠጅ በየካቲት በዚያው ቀን ደርቆ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የእርሾው ምግብ ነው። ማር በስኳር እጅግ የበለጸገ ቢሆንም እርሾ ሰውነቱን ለመገንባት በሚያስፈልገው ናይትሮጅን ድኻ ነው። ከዚህም ሌላ ማር የአሲድ ለውጥን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው፤ መብላላቱ ሲጀምር የብርዙ ፒኤች በፍጥነት ሊወርድ ይችላል። ወደ 3 ሲጠጋም እርሾው ይዳከማል። በዚህ ምክንያት ጠጁ ገና ስኳር እያለው መብላላቱ ሊቆም ይችላል። ጥሩ ተደርጎ የተጣራ ማር አንዳንድ ጊዜ ከነሰፈፉ ከተገዛው ማር ይልቅ ቀስ ብሎ የሚብላላውም ለዚህ ነው፤ በማጣራቱ ከሰም ጋር የአበባ ዱቄቱም ስለሚወጣ እርሾው አንዱን የናይትሮጅን ምንጩን ያጣል። በማር ፋንታ ስኳር ሲገባ እጥረቱ ይብሳል፤ ስኳር ናይትሮጅን የለውምና።

እዚህ ላይ የቆመ ጠጅና የበሰለ ጠጅ መለየት አለባቸው። የበሰለው ስኳሩን በመጨረሱ ዝም ያለ ነው። የቆመው ግን ስኳር ተርፎት እርሾው የደከመበት ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ እንደገና ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ በሞቃት ክፍል ቢቀመጥ በሚፈጠረው ጋዝ ክዳኑን ሊያስፈነጥር ወይም ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል።

5. ምሬት ከገሾ ብቻ አይመጣም

የገሾን ምሬት ከሚሰጡት ውሕዶች አንዱ ጌሾይዲን ይባላል። ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ በ1995 እ.ኤ.አ. ከገሾ ቅጠል ለይተው አውጥተው ስለ ውሕዱ አሳትመዋል። ወደ ጠጁ የሚገባው የገሾ ምሬት በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ በገሾው ክብደት፣ ቅጠል ወይም እንጨት በመሆኑ፣ በተቀቀለበት ጊዜ ርዝመትና በጋኑ ውስጥ በቆየባቸው ቀናት። ለጠጅ በብዛት የሚመረጠው እንጨት ገሾ ነው። ቅጠሉ ስስና ለውኃ ሰፊ ገጽ የሚሰጥ በመሆኑ ምሬቱን ቶሎ ይለቃል፤ ተፈልጦ የደረቀው እንጨት ግን ቀስ ይላል። ገሾ በእፍኝ ወይም በእሥር በሚለካበት ቤት አንዱ እሥር ቅጠል የበዛበት፣ ሌላው ወፍራም እንጨት የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በእሥር መቁጠር የምሬቱን መጠን አያሳውቅም።

ሆኖም ምላስ የሚቀምሰው ምሬት ከገሾው መጠን ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ስኳር ምሬትን ይሸፍናል። ከላይ የተጠቀሰው ሁለተኛ ጥንስስ በሊትር 90 ግራም ያህል ስኳር በቀረው ጊዜ ቢቀመስ ምሬቱ ለስለስ ብሎ ከማሩ ጋር የተስማማ ይመስላል። ያው ጠጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስኳሩ ወደ 20 ግራም ሲወርድ ምሬቱ ጎልቶ ይወጣል። በመካከሉ አንድም ቅንጣት ገሾ አልተጨመረም፤ ገሾው ቀደም ብሎ ወጥቶ ሊሆንም ይችላል። የተለወጠው ሸፋኙ ነው። አልኮሉ ራሱም ሲበረታ የማቃጠልና የመምረር ስሜትን ያክላል። ስለዚህ «ገሾ በዝቶበታል» የተባለ ጠጅ በብዙ አጋጣሚ ገሾው ልክ ሆኖ ስኳሩ ያለቀበት ነው። ይህን ያልተረዳ ጠጅ ጣይ በሚቀጥለው ጊዜ ገሾ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ጠጁን ቀድሞ ቢቀዳው ምሬት የለሽና የሚያሰለች ጣፋጭ ይሆንበታል።

ሦስተኛው የምሬት ምንጭ ማሩ ነው። የንብ ቀሰም ምንጭ የማሩን ቀለምና ጣዕም ይወስናል። ግራዋና ብሳና በብዛት በሚያብቡበት አካባቢና ወቅት የተቆረጠ ማር ጠቆር ያለና የምሬት ቃና ያለው ሊሆን ይችላል። ከገተም አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ግን ለስላሳ ነው። ለሀዋሳ ገበያ ማር ከተለያየ ከፍታና ዕፅዋት ካላቸው አካባቢዎች ስለሚቀርብ ማር በተቀየረ ቁጥር ምሬቱም ሊቀየር ይችላል።

በመጨረሻም ምሬትና ኮምጣጣነት መምታታት የለባቸውም። በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የሚመጣው ኮምጣጣነት ለስለስ ያለና በልኩ ሲሆን ከጠጁ ባሕርይ የሚቆጠር ነው። አፍንጫን የሚወጋ የአቼቶ ሽታ ከመጣ ግን ጠጁ አየር አግኝቶ አልኮሉ ወደ አሴቲክ አሲድ እየተለወጠ ነው። ይህ በአብዛኛው የሚደርሰው ጎደሎ በሆነና በሚከፈት በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ማር በመጨመር ጣዕሙን መሸፈን ይቻል ይሆናል እንጂ የጠፋውን አልኮል መመለስ አይቻልም።

6. ልዩነቱን የመለያ መንገዶች

አብዛኛው ጥያቄ በሁለት ርካሽ ዕቃዎች፣ በሚዛንና በሃይድሮሜትር ሊመለስ ይችላል። ሃይድሮሜትር በፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ ፈሳሹ ከውኃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳይ የመስታወት መሣሪያ ነው። ብርዙ ሰፈፉ ተገፍፎ ገና መብላላት ሳይጀምር አንድ ጊዜ ይለካል። ከሠንጠረዡ ጥንስሶች የመጀመሪያው 1.112፣ ሁለተኛው 1.086፣ ሦስተኛው 1.074 ያህል ያሳያሉ። «አንድ ለሦስት» የተባሉት ሦስቱ ብርዞች አንድ አለመሆናቸው በዚህ ልኬት ወዲያውኑ ይገለጣል፤ ማር ወይም ውኃ ጨምሮ ማስተካከልም የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ልኬት ጠጁ ሊቀዳ ሲል ይወሰዳል። ናሙናው በጨርቅ ተጣርቶ ጋዙ እስኪወጣ ድረስ መናጥ አለበት፤ የጋዝ አረፋ መሣሪያውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ንባቡን ያዛባል። የሁለቱ ንባቦች ልዩነት በ131 ሲባዛ የአልኮሉ ግምት ይገኛል። ሁለተኛው ጥንስስ ከ1.086 ወደ 1.025 ቢወርድ ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

```
(1.086 − 1.025) × 131 = 8.0
```

አልኮሉ 8 በመቶ ያህል ነው ማለት ነው። 8 በ17 ሲባዛ በሊትር 136 ግራም ስኳር መበላቱን ያሳያል፤ ከ224 ሲቀነስ 88 ግራም ይቀራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አልኮል ከውኃ ስለሚቀል 1.025 የሚለውን ንባብ በቀጥታ ወደ ስኳር የሚለውጥ ሰው 65 ግራም ያህል ብቻ ያገኛል፤ ትክክለኛው ቀሪ ስኳር ከዚያ ይበልጣል። የስኳር መጠን በብርሃን ስብራት የሚለካው ሪፍራክቶሜትርም አልኮል ባለበት ፈሳሽ ላይ በቀጥታ ቢነበብ ያሳስታል።

በሦስት ቀናት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ንባቦች አንድ ከሆኑ መብላላቱ ቆሟል። ንባቡ ወደ 1.000 የተጠጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጠጁ በስሏል። በ1.025 ወይም ከዚያ በላይ ላይ ከቆመ ግን ስኳር ተርፎታልና መታሸግ የለበትም።

ምሬትን ለመለየት ሦስት ቅምሻዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ብርዙ ገሾ ሳይገባበት ይቀመሳል፤ ያኔውኑ ምሬት ካለው ምንጩ ማሩ ነው። ሁለተኛ፣ መራራ በተባለው ጠጅ ላይ በትንሽ ብርጭቆ ጥቂት ማር ተበጥብጦ ይቀመሳል፤ ምሬቱ ከተሸፈነ ችግሩ የስኳሩ ማለቅ ነው። ሦስተኛ፣ ማሩ ተጨምሮም ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ገሾው በርግጥ በዝቷል። ለሚቀጥለው ጥንስስ ገሾውን መዝኖ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ መጨመር ይመከራል፤ ጠጁ በየቀኑ እየተቀመሰ ምሬቱ በሚፈለገው ልክ ሲደርስ ቋጠሮውን በአንድ ጊዜ ማውጣት ይቻላል።

7. ማጠቃለያ

የጠጅ ልዩነት ከአንድ ምንጭ የመጣ አይደለም፤ ምንጮቹ ግን በእኩል ደረጃ ከቁጥጥር ውጭ አይደሉም። የብርዙ ስኳር በሚዛንና በሃይድሮሜትር፣ የገሾው ምሬት በክብደትና በቆይታ ጊዜ ሊወሰን ይችላል። የሚቀረው የእርሾውና የባክቴሪያዎቹ ስብጥር ነው። ከደህና ጥንስስ የተወሰደ አምቡላ ለሚቀጥለው ብርዝ በማስጀመሪያነት መጨመር ልዩነቱን ሊያጠበው ይችላል። ሆኖም አምቡላው እርሾ ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያም ስለሚያሻግር የኮመጠጠ ጥንስስ አምቡላ ለዚህ አይሆንም።

ለጠጪው ከዚህ ሁሉ የሚቀረው መልእክት ጣፋጭነት የኃይል መለኪያ አለመሆኑ ነው። በሠንጠረዡ ላይ እንደታየው እኩል አልኮል ያላቸው ሁለት ብርሌዎች በአንዱ በሊትር 120፣ በሌላው በሊትር 23 ግራም ስኳር ሊይዙ ይችላሉ። ምላስ የሚነግረው የቀረውን ስኳር ነው፤ የተበላውን አይነግርም።